ለሚዜዎቿ ከመላኳ በፊት፦ በአንዲት የባሕር ዳር ሙሽራ መልእክት ላይ የተሰጡ መልሶች

በጥቅምት መጨረሻ አንዲት የባሕር ዳር ሙሽራ ለአምስት ሚዜዎቿ ልትልከው ያዘጋጀችውን መልእክት በኢንተርኔት የውይይት መድረካችን ላይ ለጥፋ፣ ከመላኳ በፊት እንድናየው ጠየቀች። ሠርጓ በጥር መጨረሻ እሑድ ነው። ጠዋት ተክሊል፣ ቀጥሎ በሐይቁ ዳር ባለ አዳራሽ የምሳ ግብዣ፣ በ9 ሰዓት ደግሞ ጣና ዳር ፎቶግራፍ። ከሚዜዎቿ ሁለቱ እዚያው ባሕር ዳር፣ አንዷ ጎንደር፣ አንዷ ደብረ ማርቆስ፣ አንዷ አዲስ አበባ ይኖራሉ። የጎንደሯ በሠርጉ ሰሞን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ትሆናለች።

መልእክቱ አጭርና ፍቅር ያለበት ነበር። የቀሚሱ ቀለም የወይራ ቅጠል አረንጓዴ፣ ጨርቁ ሳቲን፣ ርዝመቱ መሬት የሚነካ፣ አሰፋፉ ትከሻ የሚያሳይ፣ የሁሉም አንድ ዓይነት። እያንዳንዷ ባለችበት ከተማ ጨርቁን ገዝታ ታሰፋለች፤ ለማሳያ ከስልክ የተወሰደ አንድ ፎቶግራፍ ተያይዟል፤ ቀሚሱ እስከ ጥር 15 መድረስ አለበት። ሙሽራዋ የጠየቀችው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ አነጋገሬ ትእዛዝ ይመስላል ወይ፣ የጎደለስ ነገር አለ ወይ። በየዓመቱ የሠርግ ወራት ሲቃረብ ይኸው ጥያቄ በሌላ ሙሽራ ስም ተመልሶ ስለሚመጣ፣ ከመልሶቹ ዋና ዋናዎቹን በቅደም ተከተል እተርካለሁ።

1ኛዋ መላሽ የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ ብላ መርቃ፣ መልእክቱ ምንም ትእዛዝ እንደሌለበት፣ እንዲያውም እሷ ብትሆን ደስ ብሏት እንደምትቀበለው ተናገረች። የመጀመሪያ መልስ እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል፤ ለሙሽራዋ ግን ብዙም አልጠቀማትም።

2ኛው መልስ የመጣው ደጃፉ ላይ ወይራ ካለው ሰው ነው። ቅጠል ቀጥፎ ፎቶግራፍ አንስቶ ለጠፈልን። የቅጠሉ ፊት ጥቁር አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ገልበጥ ሲያደርጉት ጀርባው ወርቃማ ቡናማ ይሆናል። ሙሽራዋ የትኛውን ገጽ ማለቷ እንደሆነ በትሕትና ጠየቃት። ሙሽራዋ ፊቱን እንደሆነ መለሰች፤ ነገር ግን ያያያዘችውን ፎቶግራፍ ያየ ሁሉ እንደተረዳው፣ የፎቶግራፉ ቀሚስ ከሁለቱም አልነበረም። ወደ ግራጫ የሚያደላ፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። መልእክቱ ገና ሳይላክ ሦስት የተለያዩ ቀለሞች ወጥተውታል ማለት ነው፤ አምስት ሴቶች በአራት ከተማ ገበያ ሲወጡ ስንት ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

3ኛው መላሽ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ወጣት ሲሆን፣ መፍትሔው ቀላል ነው ባይ ነበር። እያንዳንዱ ቀለም በኮምፒውተር ቁጥር ስላለው፣ ሙሽራዋ ለምሳሌ #556B2F ብላ ብትልክ ሁሉም ያለ ስሕተት አንድ ዓይነት ጥቁር የወይራ አረንጓዴ ያያሉ አለ። ከቃል ይልቅ ቁጥር እንደሚሻል እኔም እስማማለሁ። ግን ቁጥሩ የሚሠራው ማያ ገጽ ላይ ነው። የአንዷ ስልክ ብርሃኑ ቀንሶ፣ የሌላዋ ለምሽት ተብሎ ወደ ቢጫ አዘንብሎ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጨርቅ ሻጩ ጣቃውን የደረደረው በዚያ ቁጥር አይደለም። ወጣቱ ይህን ሲነግሩት ጥቂት ተከራክሮ፣ ቁጥሩ ቢያንስ ቀለሞችን ለመምረጥ ይጠቅማል ብሎ ተወው። እዚህ ላይ ልክ ነው።

ውይይቱን ቁም ነገር ያደረገው 4ኛው መልስ ነው። የጻፈችው ባሕር ዳር ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠርግ ልብስ የሰፋች ሴት ስትሆን፣ ሌሎቹ ወዲያው እትዬ ይሏት ጀመር። ምክሯ አንድ ነው፦ ቀለሙን በስም አትላኪ፣ በጨርቅ ላኪ። ይኸውም ሙሽራዋ ራሷ ጨርቁን ከአንድ ጣቃ ለአምስቱም ትግዛና ቆርጣ ለየአንዳንዷ ትላክ ማለት ነው። አንድ ዓይነት ስምና አንድ ዓይነት መለያ ያላቸው ሁለት ጣቃዎች እንኳ በተለያየ ጊዜ ከተነከሩ ጎን ለጎን ሲቆሙ ይለያያሉ። ሱቅ ውስጥ በአምፖል ሲያዩዋቸው አንድ የመሰሉት፣ ውጭ ፀሐይ ላይ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ ይቀላቅላሉ። ስለዚህ ከመግዛቷ በፊት ቁራጭ ወስዳ፣ አንድ ጊዜ በቀትር ደጅ፣ አንድ ጊዜ በምሽት የሠርጉ አዳራሽ መብራት ሥር ታየው አለቻት። የአዳራሾች ቢጫ መብራት አረንጓዴን ወደ ቡናማ ይወስደዋል።

ቀጥላ ልኬቱን ሠራችላት። ወርዱ 150 ሴንቲሜትር በሆነ ጨርቅ፣ ወገቡ ላይ ጠበብ ብሎ ከታች ሰፋ ለሚል ረጅም ቀሚስ ለመካከለኛ ሴት 3 ሜትር ይበቃል። የባሕር ዳሮቹ ሁለቱና የአዲስ አበባዋ ሦስት ሦስት፣ ሙሽራዋ ረጅም ናት ላለቻት ለደብረ ማርቆሷ ሦስት ተኩል፣ ለነፍሰ ጡሯ አራት፤ ድምሩ 16 ሜትር ተኩል ነው። ለስሕተትና ለማስተካከያ ሜትር ተኩል ተጨምሮ 18። ሻጩን መጀመሪያ መጠየቅ ያለባት ዋጋውን ሳይሆን ጣቃው ላይ 18 ሜትር ቀርቷል ወይ ብላ እንደሆነ አስጠነቀቀቻት፤ አሥራ ሁለት ሜትር ተለክቶ ከተቆረጠ በኋላ ቀሪው ከሌላ ጣቃ ይሙላልሽ የሚል ነጋዴ እንደማይጠፋ ታውቃለችና።

ለየከተማው ሰፊ የሚደርስ አንድ መመሪያም አክላለች። ሳቲን እንደ ከፋይ ሁሉ አቅጣጫ አለው። የፊቱ ክፍል ከላይ ወደ ታች፣ የኋላው ጨርቅ ለመቆጠብ ተብሎ ከታች ወደ ላይ ከተቆረጠ፣ የአንድ ቀሚስ ሁለት ጎን ሁለት ቀለም ይመስላል። የአራት ከተማ ሰፊዎች እንዳይለያዩ ሙሽራዋ በእያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ የላይኛውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት አድርጋ ትላክ አለች።

5ኛዋ መላሽ ጥያቄውን ጭራሽ አላነበበችውም። የሙሽራ ቬሎ መከራየት ይሻላል ወይስ ማሰፋት የሚል መስሏት፣ እሷ የተከራየችው ቬሎ የደረት ዶቃው እየተራገፈ እንዳሳቀቃት በሰፊው ተረከች። 6ኛው መላሽ እዚህ የተነሣው የሚዜ ቀሚስ እንደሆነ ቢያስታውሳትም፣ እስከ 9ኛው መልስ ድረስ ሰዎች ስለ ቬሎ ኪራይ ሲያወሩ ቆዩ።

10ኛው መልስ ድምፁ ጠንከር ያለ ነው። ጸሐፊው ራሳቸውን በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ያደጉ አባት እንደሆኑ አስተዋውቀው፣ ተክሊል የሚደርስላት ሙሽራ ትከሻቸውን ያራቆቱ ሚዜዎችን አስከትላ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ትገባለች ብለው ጠየቁ። ቅዳሴ የሚቆም ሰው አለባበሱን ያውቃል፤ ይህ ለመልእክት የሚተው ነገር ሳይሆን ለሙሽራዋ ቀድሞ ሊገባት የሚገባ ነው አሉ። 11ኛዋ ወጣት ሴት ተቆጣች። ነጠላ የሚለበሰው ለምን ሆነና፣ ሚዜዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲገቡ ትከሻቸውን ማን ያያል ስትል መለሰችላቸው። አባትም እርሳቸው የሚናገሩት ስለሚታይና ስለማይታይ እንዳልሆነ ገልጸው በ12ኛው መልስ ተመለሱ። እዚህ ላይ ንግግሩ ሻክሮ ነበር። ወጣቷ አንቱታውን አልጣለችም፤ ቃሎቿ ግን አጫጭር ሆኑ።

ነገሩን ያበረደችው 13ኛዋ ናት፤ ክርክሩን ትታ የደረሰባትን ነገረችን። የእሷ ሚዜዎች ትከሻ አልባ የሳቲን ቀሚስ ለብሰው ነጠላ ደርበው ነበር ወደ ቤተ ክርስቲያን የገቡት። ሳቲን ያንሸራትታል። ነጠላው ትከሻ ላይ የሚይዘው ነገር ስላልነበረ ሚዜዎቹ ቅዳሴው እስኪያልቅ አንድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ነጠላ ሲጠብቁ ቆሙ፤ በሥርዓተ ተክሊሉ ፎቶግራፎች ሁሉ ያቺው እጅ ትታያለች። ከዚህ የተነሣ ልብስ ሰፊዋ በ14ኛው መልስ ሁለቱን ወገን የሚያስታርቅ ሐሳብ አመጣች። ከዚያው ጨርቅ ለእያንዳንዷ እጅጌ ያለው፣ እስከ ወገብ የሚደርስ አጭር ጃኬት ይሰፋ፤ ለግብዣው ያወልቁታል። ውስጥ በኩል ትከሻው ላይ ሁለት የክር ቀለበት ይሠራለት፤ ነጠላው ላይ ደግሞ በዚያው ቦታ ትናንሽ መንጠቆ ይተከልና ይያያዝ። ይህ ለአንዷ ሦስት አራተኛ ሜትር ገደማ ይጨምራል፤ ለአምስቱ ወደ አራት ሜትር ስለሚጠጋ 18 የነበረው 22 ሜትር ሆነ። የነጠላዎቹ ጥለትም ከቀሚሱ ጋር የሚስማማ እንዲሆን ሙሽራዋ መልእክቷ ውስጥ እንድታስገባው አሳሰበች፤ ያለዚያ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ሰማያዊ ጥለት ይዛ ትመጣለች። አባት ለ14ኛው መልስ ምስጋና ጻፉ። ወጣቷ ዝም አለች።

17ኛው መላሽ በጣና ዳርቻ ሠርግ የሚያነሣ ፎቶግራፍ አንሺ ነው፤ እኔ በበኩሌ ከልብስ ሰፊዋ ቀጥሎ ዋጋ የምሰጠው ለእሱ መልስ ነው። መጀመሪያ የነካው ሰዓቱን ነው። ሐይቁ ጠዋት ረጋ ይላል፤ ቀትር ካለፈ በኋላ ግን ነፋሱ ከውሃው ወደ የብስ ይነፍሳል፣ ማዕበሉም ይነሣል፤ ጀልባ ነጂዎች መንገደኞቻቸውን በጠዋት መውሰድ የሚወዱት ለዚሁ ነው። በ9 ሰዓት ዳርቻው ላይ አምስት ረጃጅም ቀሚሶች ማቆም ማለት አምስት ሴቶች ቀሚሳቸውን ይዘው ሲታገሉ ማንሣት ማለት ነው አለ። ከተቻለ ፎቶግራፉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከምሳ በፊት ይሁን። ካልተቻለ ሺፎን አይታሰብ፤ ክብደት ያለው ጨርቅ ይመረጥ፣ የታችኛው እጥፋት ወፈር ተደርጎ ይሰፋ።

ሁለተኛው ነጥቡ ሳቲኑን የሚመለከት ነው። የጥር ቀትር ፀሐይ በባሕር ዳር ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ከውሃውም ይመለሳል። የሚያብረቀርቅ ሳቲን በዚህ ብርሃን ሆድና ጭን ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያወጣል፣ እያንዳንዱን እጥፋት ያጎላል፤ ብብት ሥር ያለ ላብም ይታይበታል። የማያብረቀርቀው ክሬፕ ግን ብርሃኑን ስለሚውጠው ቀለሙ እንዳለ ይወጣል። ሦስተኛው፣ ከኋላ ያለውን ማሰብ ነው። ዳርቻው ላይ ያለው ደንገልና ዛፍ አረንጓዴ ስለሆነ ጥቁር አረንጓዴ ቀሚስ ከቅጠሉ ጋር ይቀላቀላል፤ ውሃውን ከኋላ አድርገው ሲቆሙ ግን ያምራል። በዚህ ላይ ፈዘዝ ያለው አረንጓዴ ከቅጠል ስለሚለይ እሱን ይመርጥ ነበር። ርዝመቱንም ተቃወመ። መሬት የሚነካ ቀሚስ በጥቁሩ ድንጋይና በእርጥቡ ሣር ላይ ጠርዙ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይበላሻል፤ የሚለብሱትን ጫማ አድርገው ሁለት ጣት ያህል ከመሬት ከፍ ይበል። ይህም ማለት የጫማው ተረከዝ ቁመት ቀሚሱ ከመቆረጡ በፊት መወሰን አለበት ማለት ነው። ሙሽራዋ ስለ ጫማ አንድም ቃል አልጻፈችም ነበር።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ለጊዜው ከመንገዱ ወጣ። 18ኛው መላሽ ፎቶግራፉን ለምን ክብራን ገብርኤል ሄዳችሁ አትነሡም አለ። 19ኛው ወዲያው አረመው፤ ክብራን ገብርኤል ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ነው፣ ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚሁ። 20ኛዋ ወደ ዘጌ ተሻግሮ ዑራ ኪዳነ ምሕረት መሄድ እንደሚቻል ጠቁማ፣ ግን በተክሊል ቀን ሙሽራን ከነሚዜዎቿ በጀልባ ማመላለስ ምሳውን እንደሚያዘገየው ተናገረች። ከዚያ ጥቂት ሰዎች ስለ ዘጌ ቡና አወሩ፤ የሚያስደስት ወሬ ነው፣ ለቀሚሱ ግን አይሆንም።

ያበሳጨኝ 23ኛው መልስ ነው። ነፍሰ ጡሯ የአምስቱን ውበት ስለምታበላሽ ሙሽራዋ በዘዴ ብትተዋትና በሌላ ብትተካት ይሻላል ተባለ። ጸሐፊዋ ይህን ስትል ሚዜ ድሮም ያላገባች ልጃገረድ ናት የሚል ልማድ ጠቀሰች። ሙሽራዋ ያቀረበችው የቀሚስ ጥያቄ ነው፤ ማንን ሚዜ ላድርግ ብላ አልጠየቀችም። ለአብሮ አደግ ጓደኛ እንዲህ ያለ ቃል ሲጻፍ ማየት ያሳዝናል። 24ኛው፣ 25ኛዋና 26ኛዋ በተራ ተቆጧት፤ አንዷ በእኔ ግምት ከሚገባው በላይ ተሳደበች፣ የመድረኩ አስተባባሪም መልሷን አነሣባት። ልማዱን በሚመለከት ከጎጃምም ከጎንደርም የመጡ ሰዎች የተለያየ ነገር ስለተናገሩ ስምምነት ላይ አልተደረሰም።

ልብስ ሰፊዋ ግን ስድቡ መሐል ገብታ ሥራውን ሠራች። 27ኛው መልስ ሙሉ በሙሉ ስለ ጎንደሯ ሚዜ ነው። የእሷ ቀሚስ ከሌሎቹ የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ መጋጠሚያው ወገብ ላይ ሳይሆን ከጡት ሥር ይምጣ። ከዚያ በታች ጨርቁ ተለቆ ይውረድ። ልኬቷ አሁን ተወስዶ ቢቆረጥ በጥር አይሆናትም፤ ስለዚህ ጨርቁ ይቀመጥና ከሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ይቆረጥ፣ የጎን ስፌቱም ውስጥ ሦስት ጣት ያህል ትርፍ ይተውለት። ብዙ ሰፊ የሚስተው ደግሞ ሆድ ጨርቁን ወደ ላይ ስለሚስበው የፊቱ ጠርዝ ከኋላው አጥሮ የሚታይ መሆኑን ነው። ፊቱን ከኋላው አራት ሴንቲሜትር ገደማ አስረዝሞ መቁረጥ ያስተካክለዋል፤ ትክክለኛውን መጠን የሚነግረው ግን ጫማዋን አድርጋ ስትቆም በሚደረገው የመጨረሻ መለካት ነው። እንዲያውም አንገቱና እጅጌው የሁሉም አንድ እስከሆነ ድረስ፣ ሌሎቹም ከወገባቸው በታች ለሰውነታቸው የሚስማማውን ቢመርጡ በፎቶግራፍ ላይ አንድነቱ እንደማይጠፋ ተናገረች። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ፊትና አንገት ዙሪያ ነው።

29ኛዋ ሳይጠየቅ የማይታሰብ ነገር አነሣች። እሷ ሚዜ በነበረችበት ሠርግ፣ ሙሽራዋ የሁሉንም የደረት፣ የወገብና የዳሌ ልኬት በጋራ የመልእክት ሳጥን ውስጥ ጻፉልኝ ብላ ነበር። ከመካከላቸው የከበደችው ልጅ ሁለት ቀን ዝም ብላ ቆየች፤ ከዚያ የተሳሳተ፣ ያነሰ ቁጥር ጻፈች። ቀሚሱ በሠርጉ ዋዜማ ዚፑ አልዘጋ ብሎ ጀርባው ተቀዶ በሌላ ጨርቅ ተሞላ። መላሿ ለሙሽራችን የሰጠችው ምክር፣ ቀለምና ቀን በጋራ ሳጥን ይጻፍ፣ ልኬትና ገንዘብ ለየብቻ ይሁን የሚል ነው። ከውይይቱ ሁሉ ለሰው ልብ የተጨነቀ መልስ ይህ ይመስለኛል። ሙሽራዋ መጀመሪያ የጠየቀችውን፣ አነጋገሬ ትእዛዝ ይመስላል ወይ ያለችውን፣ ከምስጋናው ሁሉ በተሻለ የመለሰውም እሱ ነው። የሰውን ፊት ያስጠቆረው ልኬቱ የተጠየቀበት ቦታ ነበርና።

ገንዘብ ሲነሣ ደግሞ ማንም ከማንም አልተስማማም። 30ኛው መላሽ ቀለሙንና አሰፋፉን የወሰነች ሙሽራ ወጪውን ትሸፍን አለ። 31ኛዋ በእነሱ አካባቢ ጨርቁ የሙሽራዋ፣ ስፌቱ የሚዜዋ እንደሆነ ተናገረች። 32ኛዋ ሚዜ የሆነች ሰው የራሷን ልብስ በራሷ ካልቻለች ምኑን ሚዜ ሆነች ስትል፣ 33ኛው ደመወዙ ከወር ወር የማይደርስ ሰው ጓደኝነቱ ቀረ ወይ ብሎ በምሬት ጠየቃት። ሁለቱ እስከ 36ኛው ድረስ ተመላልሰው ሳይግባቡ ቀሩ። እኔ የማምነው ማንም ይክፈል ማን፣ በመልእክቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ላይ መባል እንዳለበት ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ባለችሁበት ገዝታችሁ አሰፉ ሲል ወጪውን በዝምታ ሚዜዎቹ ላይ ጥሎ ነበር።

37ኛው መላሽ ሸማኔ ነው። ባሕር ዳርን በመሰለ የፈትል አገር ለምን ክሬፕና ሳቲን ይፈለጋል፣ ጥለት ያለው የሀገር ልብስ ለምን አይሆንም አለ። ሐሳቡን የወደዱት ብዙ ነበሩ። ነገር ግን ራሱ ሸማኔው የሙያው ችግር የት ላይ እንደሆነ አልደበቀም። ለአምስት ሰው አንድ ዓይነት ጥለት እንዲወጣ የጥለቱ ክር ሁሉ በአንድ ጊዜ መገዛት አለበት፤ በኋላ የሚጨመር ክር አይመሳሰልም። ደግሞም ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለው አባባል ሥራ የሚያበዛው በሸማኔና በሰፊ ላይ ነው፤ ከገና እስከ ጥምቀት አዲስ ትእዛዝ የሚቀበል እጅ አይገኝም። በኅዳር መጀመሪያ ካልታዘዘ ለጥር መጨረሻ መድረሱን ቃል አልገባም አለ። ሙሽራዋ ለሠርጉ ዕለት በክሬፑ ጸንታ፣ ለመልሱ ግብዣ ግን አምስት ባለጥለት ቀሚስ ልታዘው እንደምትችል ነገረችው።

ይኸው የጥምቀት ጉዳይ የቀጠሮውን ቀን ለወጠው። ልብስ ሰፊዋ በ38ኛው መልስ ጥር 15 የሚለውን ሰርዢው አለች። ለዚያ ቀን የተቀጠረ ቀሚስ ልክ ሳይሆን ቢቀር፣ በበዓሉ ሰሞን የተከማቸ ሥራ ያለበት ሰፊ ዞር ብሎ አያየውም። ጨርቁ እስከ ኅዳር 10 ለሁሉም ይድረስ፣ የመጀመሪያው መለካት ከታኅሣሥ አጋማሽ በፊት ይሁን፣ ከነፍሰ ጡሯ በስተቀር የሁሉም ቀሚስ ከገና በፊት ይለቅ። ክሬፕ በእንፋሎት ሲተኮስ ሊያጥር ስለሚችል፣ እያንዳንዱ ሰፊ ከመቁረጡ በፊት ጨርቁን እንዲተኩሰው መነገር አለበት።

በ40ኛው መልስ ሙሽራዋ አዲሱን መልእክት ይዛ ተመለሰች። መጀመሪያ ላይ ጨርቁን ለሁሉም እሷ እንደምትገዛ፣ የስፌቱን ዋጋ ሚዜዎቹ እንዲከፍሉ፣ የሚከብዳት ካለች ለብቻዋ እንድትነግራት ጻፈች። ቀለሙ በስም አልተጠራም፤ በፖስታ የሚደርሳችሁ ጨርቅ ነው ተባለ፤ ፈዘዝ ያለው አረንጓዴ ክሬፕ፣ 22 ሜትር፣ ከአንድ ጣቃ። የማይለወጠው አንገቱ፣ ጃኬቱ፣ ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ ማለቱና የነጠላው ጥለት ነው፤ ከወገብ በታች ያለው አሰፋፍ ለየራሳቸው ተተወ። ለጫማው የተረከዝ ቁመት ከ6 ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ አለች። ልኬታቸውን በየግላቸው ጠየቀች፣ ቀኖቹን አስተካከለች፣ የፎቶግራፉን ሰዓት ግን እስካሁን አልቀየረችም፤ የምሳ እንግዶችን የሚያስተናግዱት የሙሽራው ቤተሰቦች ስላልተስማሙ በ9 ሰዓት ጸንቷል። ፎቶግራፍ አንሺው በ41ኛው መልስ እንግዲያው የታችኛው እጥፋት ይወፍር ብሎ ደግሞ አሳሰባት።

የአዲስ አበባዋ ሚዜ ውይይቱን ታነብ ኖሮ በ42ኛው መልስ ብቅ አለች። ሰፊዋ ነጭ ገበር እጇ ላይ ስላለ እሱን ልጠቀም ብላታለችና ችግር አለው ወይ ስትል ጠየቀች። ልብስ ሰፊዋ አለው አለች። ፈዘዝ ባለ ክሬፕ ሥር ነጭ ገበር ሲገባ ቀሚሱን ያነጣዋል፤ ከአንድ ጣቃ የተቆረጠው ጨርቅ እንደገና ሁለት ቀለም ሊመስል ነው። ስለዚህ ገበሩም ከአንድ ቦታ ተገዝቶ ከጨርቁ ጋር በአንድ ፖስታ ይላክ። ሙሽራዋ ነገ ገበያ እንደምትወጣ ጻፈች።